«አልተመረጡም» ላሉን ምን ብለን እንመልስ?

ሥራ ፈላጊ ልጆቻችን ከፈተናና ከቃለ መጠይቅ በኋላ «በዚህ ዙር አልተመረጡም» የሚል ኢሜይል ሲደርሳቸው አንብበው ይዘጉታል። እኛም ልናጽናና ስንሄድ «መልስ ጻፋችሁ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ይገረማሉ። ላልተቀበለኝ ሰው ምን ብዬ ነው የምጽፈው?

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እኅታችን አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት አመልክታ ነበር። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ፣ ሦስት ሰዎች ፊት ለቃለ መጠይቅ ቀርባ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይኸው ኢሜይል መጣላት። እንድናይላት ያመጣችው መልስ አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። ፈተናውን በደንብ እንደሠራች ይከራከራል፣ የቤተሰቧን ችግር ይዘረዝራል፣ በመጨረሻም ሁለት ጥቅስና ረጅም ቡራኬ አለበት።

አብረን ቁጭ ብለን ቀነስን። ክርክሩ ወጣ፤ ውሳኔው አልቋል፣ ኢሜይሉን የላከችው የሰው ኃይል ሠራተኛም ብቻዋን ልትቀይረው አትችልም። የችግሩ ዝርዝርም ወጣ፤ የሥራ ደብዳቤ ወደ ልመና ሲለወጥ አንባቢው ያዝናል እንጂ ባለሙያ መሆናችንን አያስታውስም። ጥቅሱን ማውጣት ለእኅታችን ከበዳት። እኛ ግን ተቀባይዋ እምነቷ ምን እንደሆነ ስለማናውቅ በቅን ልብ የተጻፈ ምስጋና ይበቃል አልን።

ብዙ ጊዜ የፈጀብን ጥያቄው ነው። «ለምን አልተመረጥሁም?» የሚለውን ቀጣሪ በጽሑፍ መመለስ ይፈራል። መልሱ እኛን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር ይሆንበታል፤ ነገ ደግሞ ለአቤቱታ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ስለዚህ ዝም ይላል፣ ወይም «ብዙ ብቁ አመልካቾች ነበሩ» ብሎ ያልፋል። ጥያቄው ወደ ፊት የሚያይና ጠባብ ከሆነ ግን በሁለት መስመር ሊመልሰው ይችላል። በመጨረሻ የላከችው ይህ ነው፦

«ለተከበሩ ወ/ሮ … ውጤቱን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ባልመረጥም፣ በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ መስክ ቢሮዎች የሒሳብ አሠራር የተደረገው ውይይት ጠቅሞኛል። ጊዜ ካገኙ አንድ ነገር ብጠይቅዎ፦ ወደ ፊት ለተመሳሳይ የሥራ መደብ ሳመለክት ከጽሑፍ ፈተናውና ከቃለ መጠይቁ የትኛውን ይበልጥ ባጠናክር ይመክሩኛል? ይህ መደብ ዳግም ክፍት ቢሆን ወይም ተመሳሳይ ቦታ ቢኖር እንዲያስቡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ከዚያ ስሟ፣ ያመለከተችበት መደብና ስልኳ።

የላከችው በማግሥቱ ነው፤ አዲስ ኢሜይል ሳትከፍት በዚያው በደረሳት ላይ መለሰች። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ተቀባይዋ በርካታ አመልካቾች ስላሉባት ማን እንደሆነች ፍለጋ መግባት የለባትም። ደግሞም የተመረጠው ሰው ሁልጊዜ አይጸናም። አንዳንዱ ደመወዙን ሰምቶ ይተወዋል፤ የገባውም ቢሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ቦታው ቢለቀቅ ቀጣሪው እንደገና ማስታወቂያ ከማውጣት ይልቅ ተጠባባቂዎቹን ማየት ይቀለዋል። በክብር የተሰናበተ ሰው ያን ጊዜ ለመደወል አያሳፍርም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መልስ መጣ። የጽሑፍ ፈተናዋ ጥሩ እንደነበር፣ በቃለ መጠይቁ ግን ለለጋሾች የሚቀርብ ሪፖርት አዘጋጅታ እንደምታውቅ በምሳሌ እንዳላሳየች ይናገራል። ሥራ አልሰጧትም። እኅታችን ግን አሁን ባለችበት መሥሪያ ቤት አለቃዋን ጠይቃ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ረቂቅ መሥራት ጀምራለች።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰው ለሰው ሲጻጻፍ ነው። ኢሜይሉ የመጣው noreply ከሚል አድራሻ ከሆነ መልሳችሁን የሚያነብ የለም፤ ቃለ መጠይቅ የጠራችሁ ሰው አድራሻ ካላችሁ ለእርሱ ጻፉ። ለፈተና እንኳ ሳትጠሩ የቀራችሁ ከሆነም አስተያየት አትጠይቁ፤ ከማመልከቻችሁ በቀር ያዩት ነገር ስለሌለ የሚነግሯችሁ አይኖራቸውም። ሌላ ወንድማችን እንዲሁ አድርጎ ጽፎ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታወሳቸው፤ ሦስተኛውን ሊጽፍ ሲል ግን «በቃ፣ ይሄኛውን ተወው፤ ሌላውን ማመልከቻ እንይ» አልነው።