«በመቶ ዓመት አንዴ» ሲባል ሰው ምን ይሰማል?

ድሬዳዋ ላይ «በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚከሰት ጎርፍ» ብላችሁ ብትጽፉ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቁጠር ነው። ከ1998 ይነሳል፣ መቶ ይደምራል፣ 2098 ላይ ይደርሳል። ከዚያ «እኔም ልጄም የለንም» ብሎ ይተወዋል። ወረቀቱ ግን ይህን አላለም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ጊዜ አንድ የተተረጎመ የአካባቢ ተፅዕኖ ማጠቃለያ ለሕዝብ ስብሰባ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ስለነበር ነው። ደቻቱ ዳር ሊሠራ የታሰበ ሥራ ነው፣ የባለቤቱን ስም ልተወው። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ እንዲደርስ፣ በተለይም ጉዳቱ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ጥሩ ነው። ግን ሰነዱ ደረሰ ማለት አንባቢው ገባው ማለት አይደለም። አስተያየት የሚሰጠው ሰው 2098ን እያሰበ ከሆነ የሚሰጠው አስተያየት ስለ ሌላ ፕሮጀክት ነው።

እኛ ከተማ ስለ ጎርፍ ማስረዳት ያለበት ሰው ከባዶ አይጀምርም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ሰው ተኝቶ እያለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ስለዚህ ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ማንም ለድሬ ሰው አያስተምረውም። የጎደለው ሌላ ነው፤ በየዓመቱ የመምጣቱ ነገር እንዴት እንደሚቆጠር።

የመጀመሪያው ችግር ቃሉ ነው። በአማርኛ «ዕድል» ስንል ሎተሪ ነው የሚታየን፣ ወይም የፈጣሪ ድርሻ። «ጎርፍ የመከሰት ዕድሉ አንድ በመቶ ነው» የሚለውን ሳነብላቸው አንዲት እናት «ዕድልማ የእግዚአብሔር ነው ልጄ» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ቃሉ እንዲያ ነው የሚለው። በኦሮምኛ ወደ «ጨራ» ብትወስዱትም ያው ዕድል ነው። «ስጋት» ደግሞ መንግሥታዊ ወረቀት ላይ ሌላ ትርጉም ይዟል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ስጋት ማለት ፍርሃት ነው። «ዝቅተኛ ስጋት» የሚለው ሐረግ «ብዙ አትፍሩ» ተብሎ ይሰማል። ስለዚህ ሁለቱንም ቃላት ከማጠቃለያው አወጣኋቸውና ቁጥር ብቻ አስቀረሁ፦ «እንደዚህ ያለ ውኃ በየትኛውም ዓመት ከመቶ አንድ እጅ ይመጣል፤ ዘንድሮ ቢመጣም በሚቀጥለው ዓመት ያው ከመቶ አንድ ነው።» ሁለተኛው ግማሽ ዋናው ነው። ወንዙ ባለፈው መምጣቱን አያስታውስም።

ይህን በቃል ብቻ ማስረዳት ከባድ ስለሆነ በቆሎ ይዤ ሄድኩ። አንድ ከረጢት ውስጥ 99 የበቆሎ ፍሬና አንድ የቡና ፍሬ። አንድ ጊዜ እጅ ማስገባት አንድ ዓመት ነው። የወጣውን አይተህ መልሰህ ትከተዋለህ፣ ታማታለህ፣ እንደገና ታወጣለህ። መመለሱ ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው። ሰው በልማድ የወጣውን ፍሬ ወደ ጎን ማስቀመጥ ይፈልጋል፣ እንደዚያ ካደረገ ግን ቡናው ቢዘገይ እስከ መቶኛው ድረስ የግድ ይወጣል፣ ማለትም ወደ 2098 ቆጠራ ተመለስን። አንዱ ወጣት «ኧረ አቦ፣ ወጥቶ ከተመለሰማ ነገም ይወጣል!» አለ። እሱ ያለውን እኔ በሦስት ገጽ አልችለውም ነበር።

ከዚያ ሰላሳ ጊዜ ማውጣት። ሰላሳ ዓመት ቤት ሠርቶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ዕድሜ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በአንድ ዓመት የማይመጣው 99 ከመቶ ነው፤ 0.99ን ሰላሳ ጊዜ በራሱ ስታባዙት ወደ 0.74 ይደርሳል። ስለዚህ በሰላሳ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ነገር 26 ከመቶ ነው፣ ከአራት አንድ ገደማ። «ከመቶ አንድ» ሲባል ያንቀላፋው ስብሰባ «ከአራት አንድ» ሲባል ቀና ይላል። ቁጥሩ አልተለወጠም፣ የተለወጠው የምንጠይቅበት ዘመን ነው። ማጠቃለያ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ማስገባት ከተፈቀደ የሰላሳ ዓመቱን እመርጣለሁ።

ግን ጨዋታው አደጋ አለው። ስብሰባውን አራት ቡድን ከፍዬ እያንዳንዱ ሰላሳ ጊዜ ቢያወጣ፣ አንዱ ቡድን ቡናውን ያገኛል ብለን እንጠብቃለን። ሆኖም ከአሥር ሦስት ጊዜ ማንም አያገኝም (0.74 አራት ጊዜ ሲባዛ 0.30 ነው)። ያኔ ሰው «አየህ፣ አይመጣም» ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ከረጢቱ ከመከፈቱ በፊት ነው መናገር ያለበት፦ «ላይወጣ ይችላል፣ ባይወጣ ግን ከረጢቱ ውስጥ የለም ማለት አይደለም።» ከወጣ በኋላ ወይም ሳይወጣ ሲቀር የሚሰጥ ማብራሪያ ማመካኛ ይመስላል። በእኛ ስብሰባ የወጣው ለአንድ ቡድን ብቻ ነው። በአሥራ አንደኛው። ሴቶቹ ነበሩ፣ ዝም አሉ።

ሌላው ነገር ሠንጠረዡ ነው። በእንዲህ ያለ ሰነድ መጨረሻ ላይ የመከሰት መጠን ከ1 እስከ 5፣ የጉዳት መጠን ከ1 እስከ 5 ተሰጥቶ የሚባዛበት ባለቀለም ሣጥን አለ። የግንባታ አቧራ በየቀኑ አለ፣ ጉዳቱ ትንሽ፦ አምስት ሲባዛ አንድ፣ አምስት። ግንቡን አልፎ የሚሄድ ጎርፍ አልፎ አልፎ ነው፣ ጉዳቱ ሞት፦ አንድ ሲባዛ አምስት፣ አምስት። ሁለቱም አንድ ቀለም። ለመሐንዲሱ ይህ ሥራ ማስተካከያ ነው፣ ለሰፈሩ ሰው ግን አቧራና ሞት አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ሣጥኑን ትቼ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ አንዱ በስንት ጊዜ፣ ሌላው ሲመጣ ምን ይሆናል። ገጹ ረዘመ፣ ይርዘም።

የላኦስን ነገር ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በሐምሌ 2010 አታፑ ግዛት ውስጥ እየተሠራ የነበረ የኃይል ማመንጫ ረዳት ግድብ ፈርሶ ታች ያሉ መንደሮችን ውኃ ዋጣቸው። ሥራውን ለሚገመግም ሰው «ግድቡ የመፍረሱ ነገር አነስተኛ ነው» ማለት በቂ ሊመስል ይችላል። ታች ለሚኖረው ግን ጥያቄው «ቢፈርስ ውኃው በስንት ሰዓት ይደርሰኛል፣ የትኛው ቦታ ከፍ ይላል» ነው። ይህኛው ጥያቄ ከመቶ ስንት ብሎ አይመለስም።

ደቻቱም ላይ እንዲሁ ነው። ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ መጠን ውኃ ነው። ከዚያ የበለጠ ሲመጣ ግንቡ የለም እንደማለት ነው። አሸዋ ወለሉ ላይ ሲሞላ ደግሞ የሚይዘው መጠን ያንሳል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው «መቶ ዓመት» ሳይነገር ሃምሳ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ግንብ ያለበት ቦታ ሰው ይተማመናል፣ ቤቱንም ወደ ዳር ያስጠጋል። ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ጻፍኩት፦ «ግንቡ ብዙውን ጎርፍ ያስቀራል። የማያስቀረው ሲመጣ ግን ውኃው ጥልቅና ፈጣን ነው፤ ወንዙን ትታችሁ ወደ ከፍታው ሂዱ።» ያሠራን ወገን «ሕዝቡን ያስፈራል» ብሎ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳወጣ ጠየቀኝ። እኔም «ከ1998 በላይ ምን ያስፈራል?» አልኩ። ቀረ፣ አልወጣም።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አንድ ሽማግሌ እጅ አወጡ። «ቁጥሩን ገባኝ። ሌሊት ከሆነስ? ደጋው ላይ ሲዘንብ እኛ ጋ ሰማይ ንጹሕ ነው። ማነው በሩን የሚያንኳኳው?» ሰነዱን ከፊት ወደ ኋላ ገለበጥነው። ምንም አልነበረም። ጥያቄውን እሳቸው ባሉት ቃል ጽፈን ከአስተያየቶቹ አናት ላይ አስቀመጥነው፣ ከጎኑ «መልስ ያልተሰጠበት» ብለን።