ሲቪ ሲገለበጥ ታሪክ አይገለበጥም

ሳሪስ የምትኖር አንዲት ሴት ለንብረት ያዥነት ልታመለክት ስትል በዓመት የተደረደረው ሲቪዋ ላይ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ልጅ ስታሳድግ ቤት የዋለችበት 3 ዓመት ሆነባት። ስለዚህ የሠራችውን ሁሉ «ንብረት ቆጠራ» እና «የገንዘብ አያያዝ» በሚሉ ርዕሶች ሥር አሰባሰበች። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የት መሥሪያ ቤት እንደሠራችው ጻፈች። «ቡድን መምራት» የሚለው ርዕስ ጎኑ ባዶ ስለቀረ ተሰረዘ።

የሥራ መደቦቿንና ዓመታቱን ግን ክፍተቱን ሳትደብቅ ከታች በአጭሩ ዘረዘረች። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይገልጻል። ቀጣሪ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያይ ማስረጃው «ገንዘብ ተቀባይ» ያላትን ሲቪው «የፋይናንስ ባለሙያ» ቢላት፣ እውነተኛው ልምዷም አብሮ ይጠረጠራል።