ሳይመረመር የተቆረጠ ዋጋ

ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ ትንሹ ልጄ የቤት ኪራይ ሊበደረኝ መጣ። ሥራ ፈትቶ ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር። ያን ሳምንት ግን ምሳውን እንኳ በወጉ ሳይበላ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲሠራ ነው የከረመው። ከጡረታዬ አውጥቼ ሰጠሁትና ቡና እያፈላሁ፣ «ቆይ፣ የዚህ ሳምንት ገንዘብ የት ሄደ?» አልኩት። «እሱን እኔም እየፈለግኩት ነው እማዬ» አለኝ።

ልጄ የሕክምና መሣሪያዎችን ይጠግናል። ቀድሞ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ አሁን በየግል ክሊኒኩ እየዞረ ለራሱ ይሠራል። ያን ሳምንት የበላውን ሥራ ያመጣሁለት ደግሞ እኔው ነኝ። ከእኔ ጋር ለዓመታት በነርስነት የሠራች ወዳጄ አሁን አነስተኛ ክሊኒክ አላት። ደውላ፣ «ሲስተር፣ አውቶክሌቫችን አልሞቅ ብሏል፤ ልጅሽን ላኪልኝ» አለችኝ። አውቶክሌቭ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችና ጨርቆች በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚጸዱበት ድስት ነው። እኔም ለልጄ፣ «የእኛው ሰው ናት፣ በገንዘብ እንዳታስጨንቃት» አልኩት። እሱም ማሽኑን ሳያይ፣ በስልክ፣ «የእጅ ዋጋ 4,000 ብር በቁርጥ» ብሎ ተስማማ። ቀብድም አልጠየቀም። ሥራ ሳይጨርሱ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝና።

ሰኞ ከፈተው። የማሞቂያው ሽቦ ተቃጥሏል። ምክንያቱም ለማንም ይታያል፤ ለማሽኑ የተጣራ ውኃ መጨመር ሲገባ የቧንቧ ውኃ ሲጨመርበት ኖሯል፤ ሽቦው በሻይ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ቅርፊቱ ሙቀቱን ወደ ውኃው አላሳልፍ ሲል ሽቦው በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። የሚገጥም ሽቦ ፍለጋ ማክሰኞን ሙሉ መርካቶ ዋለ፤ ሽቦውን ወዳጄ ከፈለች። ረቡዕ ገጠመው፣ ማሽኑም ሞቀ። ያን ጊዜ ደግሞ በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ፉጨት ይዞ መውጣት ጀመረ። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማሽኑ በማይሞቅበት ጊዜ ይህ ሊታይ አይችልም ነበር። ጎማው 1,800 ብር መሆኑን ሲነግራት፣ «አውቶክሌቩን ልትሠራው ነው እኮ የተስማማነው፤ በቁርጥ ተነጋግረናል» አለችው። ልክ ናት። እሱ ሽቦውን እሠራለሁ አላለም፤ «እሠራዋለሁ» ነው ያለው። ጎማውን ከኪሱ ገዛ።

ሐሙስ መብራት ጠፋ፤ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ጠበቀ።

ዓርብ የግፊት መለኪያው 15 ላይ ደረሰና የክሊኒኩ ነርሶች «ይኸው ሠራ» አሉ። እኛም በዘመናችን የተማርነው 15 ሲል 121 ዲግሪ ደርሷል ብለን ነው። ይህ ግን ለባሕር ዳርቻ አገር የተሰላ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የከባቢ አየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ በእኛ ከፍታ 121 ዲግሪ ለማግኘት መለኪያው ወደ 19 መጠጋት አለበት። ልጄ ውስጡ ቴርሞሜትር አስቀምጦ ሲለካ 117 ብቻ አገኘ። ይህ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፤ ድሮም እንዲሁ ተስተካክሎ ነው የኖረው፤ የጠየቀውም ሰው የለም። እንዲያ ሆኖ ማስረከብ ግን አልሆነለትም። ግፊቱን አስተካክሎ፣ ደጋግሞ ፈትሾ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስረከበ። ነርስ ነኝና እንዲያ ባያደርግ ኖሮ አልምረውም ነበር። ግን ዋጋው ውስጥ ነበር ወይ? ማንም «ተጠናቀቀ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ አልተናገረም።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ወረቀት አወጣንና ደመርነው። ማሽኑ ላይና መርካቶ ያሳለፈው ጊዜ 26 ሰዓት ሆነ። ከ4,000 ብር ላይ 900 ብር የትራንስፖርት፣ 1,800 ብር የጎማው ሲቀነስ 1,300 ብር ቀረ። በሰዓት 50 ብር ማለት ነው።

ልጄም እንደ ወጣት ተናደደና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በሰዓት ነው የምሠራው» አለ። ሠራም፤ ለአንድ ወር ያህል። የመጀመሪያው ሥራ ፈሳሽ መምጠጫ ማሽን ነበር። ድምፁን ሰምቶ ብቻ ማጣሪያው መደፈኑን አወቀና በ25 ደቂቃ ውስጥ ጨረሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩን ፈትቶ ግማሽ ቀን ይውል ነበር። ያገኘው ግን የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው። ዐሥር ዓመት በመሥራት ያገኘው ፍጥነት ገቢውን ቀነሰበት። ሁለተኛው ሥራ ደግሞ የረዘመ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት በየሰዓቱ እየመጣ ሰዓቱን ያያል። መብራት ሲጠፋ፣ «አሁንስ ይቆጠራል?» ብሎ ጠየቀው። ልጄ ስልክ ሲያነሳ፣ ሻይ ሲጠጣ ይሳቀቃል። ሰውየውም አይፈረድበትም፤ ገንዘቡ የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለቱም አከፋፈሎች ውስጥ ያልታወቀ ነገር አለ፤ ልዩነቱ እሱን ማን ይሸከመዋል ነው። በቁርጥ ከሆነ ከክዳኑ ሥር የተደበቀው ሁሉ በጠጋኙ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በሰዓት ከሆነ በባለ ማሽኑ ላይ ይወድቃል። ቤት ያሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግንበኛ በቁርጥ ሲይዝ ይቸኩላል፣ በቀን ሲከፈለው አሸዋው እንኳ ቶሎ አይነፋም።

«እኛ ክሊኒክ ውስጥ እንዴት እንደምናደርግ ታውቃለህ?» አልኩት አንድ ምሽት። በሽተኛ በስልክ «ሆዴን አሞኛል» ስላለ የቀዶ ሕክምና ዋጋ የሚቆርጥ ሐኪም የለም። መጀመሪያ ካርድ ያወጣል፣ ይመረመራል፣ የላቦራቶሪውን ይከፍላል። ምንም ባይገኝበትም ምርመራውን ከፍሏል። በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው የሕክምናው ዋጋ የሚነገረው። ልጄ ሳቀና፣ «ታዲያ እኔ ካርድ ላውጣላቸው?» አለ። እንደ ቀልድ የጀመርነው ነገር ሥራው ሆነ።

አሁን ሁለት ዋጋ አለው። ማሽኑን ከፍቶ፣ አሙቆ፣ በሽታውን የሚያገኝበት ምርመራ የሁለት ሰዓት ዋጋ ይከፈልበታል፤ ተጠገነም አልተጠገነም። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ የተበላሸው ይህ ነው፣ የምሠራው ይህ ነው፣ የማልሠራው ይህ ነው፣ ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው ማሽኑ ውስጡ 121 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ሲቆይ ነው። ለዚህ ነው ቁርጥ ዋጋ የሚሰጠው። የመለዋወጫው ገንዘብ ለብቻው ነው፤ መርካቶ ከመሄዱ በፊትም በቀብድ ይቀበላል። ሌላ ብልሽት ከተገኘ ሥራውን ያቆማል፣ ይደውላል፣ አዲስ ዋጋ ይነጋገራሉ። የረቡዕዋ ጎማ እዚህ መስመር ላይ ትያዝ ነበር።

የሰዓቱን ዋጋ ለማውጣት ግን ጊዜ ወሰደብን። ቤተሰቡ በወር 24,000 ብር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፖርት፣ ስልክና መሣሪያ 6,000 ብር። ድምሩ 30,000 ነው። በወር ወደ 200 ሰዓት ስለሚሠራ መጀመሪያ ለ200 አካፈለና በሰዓት 150 ብር አለ። ስህተቱ የታየው ማስታወሻ ደብተር ከያዘ በኋላ ነው። ከ200ው ሰዓት ውስጥ ማሽን ላይ የሚውለው 100 ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው ታክሲ ወረፋ፣ መርካቶ፣ ስልክ፣ የሰው ክፍያ ፍለጋ መመላለስ ነው፤ ለእነዚህ ማንም ለብቻ አይከፍለውም። ስለዚህ 30,000 ለ100 ሲካፈል በሰዓት 300 ብር ይሆናል። በ150 ሲያስከፍል ወሩን ሙሉ ሠርቶ የግማሽ ወር ነበር የሚያገኘው።

ደብተሩ ሌላም ነገር አስተማረን። የክዳን ጎማ አምስት ጊዜ ቀይሯል፤ አራቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ፈጁ፣ አንዱ ክዳኑ ተጣሞ አራት ሰዓት ወሰደ። አሁን ጎማ መቀየርን በሦስት ሰዓት ዋጋ፣ በ900 ብር ቁርጥ ያደርገዋል። ሲፈጥን ያተርፋል፣ ክዳን ሲጣመምበት ከዚያው ይሸፍናል። ደብተሩ ውስጥ ያልገባ ሥራ ግን በቁርጥ አይይዝም። በተለይ «አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል» የተባለ ማሽን በጭራሽ። ለእሱ በሰዓት ይሠራል፣ ግን ጣሪያ ያበጃል፤ «እስከ ስድስት ሰዓት እፈልጋለሁ፤ ካላገኘሁት ቆሜ እጠይቅዎታለሁ» ይላል። እንዲህ ሲሆን ባለ ማሽኑም ሰዓት እየቆጠረ አይቆምበትም።

የወንድሜ ልጅ የሠርግ ካርድና የድርጅት ምልክት ዲዛይን ታደርጋለች። ይህን ስነግራት የእሷ ስውር ብልሽት ማሽን ውስጥ ሳይሆን ደንበኛው ልብ ውስጥ ነው አለች፤ «ቀለሙ ትንሽ ይደምቅ» እየተባለ ስምንት ጊዜ ትሠራለች። አሁን በቁርጥ ዋጋዋ ውስጥ ሁለት ማስተካከያ ብቻ ጽፋለች፤ ከሦስተኛው ጀምሮ በሰዓት ነው።

ሁሉም ይህን በደስታ አልተቀበለም። ለምርመራ መክፈል አለብህ ሲባሉ ስልኩን የዘጉ አሉ፤ ሁለት ጥሩ ደንበኞችም ሄደዋል። ልጄ በዚያ ሰሞን አንገቱን ደፍቶ ነበር፣ እኔም ምክሬ አበላሸው ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የቤት ኪራይ ግን ከዚያ ወዲህ አልተበደረኝም።

ባለፈው ወር ያቺ ወዳጄ ደወለችልኝ። «ሲስተር፣ ልጅሽ ምን ነክቶታል? ማሽኑን ሳይነካ የምርመራ 600 ብር ይላል!»

«አንቺስ ካርድ ስንት ታስከፍያለሽ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። ከፈለችም፤ ቀብዱንም በዚያው ቀን ላከች። የጎማዋን 1,800 ብር ግን እስካሁን አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁባትም።