የጣሳው ክብደትና የዓሣው ክብደት

ዛሬ ሲዘዋወር የዋለው የሁለቱ የቱና ጣሳዎች ፎቶ ያስነሳው ክርክር እስከ ማምሻው መቋጫ ያጣው ከተከራካሪዎቹ አንዱ ወገን ሒሳብ ስለተሳሳተ አይደለም። ትልቁ ጣሳ ይረክሳል ያሉትም፣ ትንሹ ይረክሳል ያሉትም በትክክል አካፍለዋል፤ ልዩነቱ የመጣው ዋጋውን በየትኛው ክብደት እንዳካፈሉት ሳይነጋገሩ በመቅረታቸው ነው። አንዱ ወገን ያካፈለው ጣሳው ውስጥ ባለው ነገር ሁሉ ሲሆን፣ ሌላው ያካፈለው በዓሣው ብቻ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

በታሸገ ምግብ ላይ የሚጻፈው የተጣራ ክብደት ማለት የጣሳው፣ የክዳኑና የመለያ ወረቀቱ ክብደት ሳይቆጠር በውስጡ ያለው በሙሉ የሚመዝነው ነው፤ ስለዚህ ዓሣውንም፣ ዓሣው የተዘፈቀበትን ውኃ ወይም ዘይትም አንድ ላይ ይይዛል። የጠፈፈ ክብደት የሚባለው ደግሞ ፈሳሹ በወንፊት ወርዶ ካበቃ በኋላ የሚቀረው የጠጣሩ ክፍል ክብደት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከተጣራው ክብደት ግርጌ አነስ ባለ ፊደል ይጻፋል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ጣሳ ላይ ሲገኙ አንዱን ከሌላው መቀነስ ብቻውን ብዙ ነገር ይገልጣል። በፎቶው ላይ በትልቁ ጣሳ 185 እና 120 ግራም፣ በትንሹ 160 እና 112 ግራም ተጽፎ ስለሚታይ፣ ትልቁ 65 ግራም፣ ትንሹ ደግሞ 48 ግራም ፈሳሽ ይዟል። ስለዚህ ትልቁ ጣሳ ከትንሹ በ25 ግራም ቢበልጥም፣ ከዚህ ውስጥ ዓሣ የሆነው 8 ግራም ብቻ ሲሆን የቀረው 17 ግራም ፈሳሽ ነው።

ዋጋን ለማነጻጸር የሚያገለግለው የመለኪያ ዋጋ ነው፤ ይህም አንድ ዕቃ በሙሉ ስንት እንደሚሸጥ ሳይሆን፣ የተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ 100 ግራም፣ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ ነው፤ የሚገኘውም ዋጋውን ለክብደቱ አካፍሎ በ100 በማባዛት ነው። ትልቁ ጣሳ 222 ብር፣ ትንሹ 200 ብር በመሆኑ፣ በተጣራው ክብደት ሲሰላ የትልቁ 100 ግራም 120 ብር፣ የትንሹ 125 ብር ይወጣል፤ ትልቁ ይረክሳል ያሉት ወገኖች የያዙት ይህን ነው። በጠፈፈው ክብደት ሲሰላ ግን 222 ለ120 ተካፍሎ የትልቁ 100 ግራም ዓሣ 185 ብር፣ 200 ለ112 ተካፍሎ የትንሹ 179 ብር ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ሒሳብ ረካሹ ትንሹ ነው። ፈሳሹ ወደ ማጠቢያው የሚደፋ እስከሆነ ድረስ ገዢው የሚመገበው ዓሣውን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሒሳብ ለእሱ የሚቀርበው እውነት ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆሞ አስርዮሽ ማስላት ለማይመቸው ሰው፣ የአንደኛውን ዋጋ በሁለተኛው የጠፈፈ ክብደት፣ የሁለተኛውን ዋጋ በአንደኛው የጠፈፈ ክብደት ማባዛት ያንኑ ፍርድ ይሰጣል። ትልቁ 222 በ112 ሲባዛ 24,864፣ ትንሹ 200 በ120 ሲባዛ 24,000 ይመጣል፤ የራሱ ዋጋ ተባዝቶ አነስተኛው ውጤት የወጣለት ጣሳ ረካሹ ነው። ውጤቶቹ በራሳቸው ብር አይደሉም፤ የሚያገለግሉት ለማበላለጥ ብቻ ነው። በዚህም ሆነ በማካፈሉ መንገድ ሒሳቡን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው፣ አንዱን ጣሳ በጠፈፈው፣ ሌላውን በተጣራው ክብደት ማስላት ነው፤ ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ የጠፈፈው ክብደት ሳይታይ ሲቀር ነው።

የማይታይበት አንዱ ምክንያት ደግሞ እጅግ የሚያስቆጭ ነው። በብዙ መደብሮች ዋጋ የሚለጠፍባት ትንሽ ወረቀት የምታርፈው በትክክል ክብደቱ በተጻፈበት መስመር ላይ ነው። አስመጪው የሚጨምረው ሌላ ወረቀት፣ ማለትም የአስመጪውን ስምና አድራሻ የያዘው፣ ከኋላ በኩል ሲለጠፍ ደግሞ የቀረውን ይሸፍናል፤ ገዢውም አንድ እጁ ዘንቢል ይዞ በሌላው ጥፍሩ ወረቀት ሲልጥ፣ ጥበቃው በጥርጣሬ ሲያየው ይገኛል። አምራቹ ክብደቱን ለገዢው እንዲነበብ አትሞ፣ አስመጪው ከነጽሑፉ አገር አስገብቶት፣ በመጨረሻው እርምጃ ላይ አንድ ሰራተኛ ወረቀቱን ጣቱ ባረፈበት ሲለጥፈው፣ ይህ ሁሉ መንገድ ከንቱ ይቀራል። ሰራተኛው ክፋት የለበትም፤ የት እንዲለጥፍ የነገረው የለም። ክዳኑ ላይ ቢለጠፍ ግን ማንም ምንም አይጎድልበትም፤ የሚያበቃበት ቀን ክዳኑ ላይ ከታተመ ደግሞ ከቀኑ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ለአንዲት የዋጋ ወረቀት ይበቃል። ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው መደቡን አይቶ፣ በእጁ መዝኖ፣ የበሰበሰውን አስወጥቶ፣ ምራቂ አስጨምሮ ይገዛል፤ ዓይኑና እጁ ያግዙታል። ጣሳ የሚገዛው ሰው ግን የሚያየው የተዘጋ ቆርቆሮ በመሆኑ ከሻጩ ጋር በእኩል የሚያቆመው አንድ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ያንን ቁጥር መሸፈን፣ ሳይታሰብ የተደረገ እንኳ ቢሆን፣ የሚዛኑን አንድ ጎን በጨርቅ እንደ መጋረድ ነው። መደብሮቹ ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አይጠየቁም፤ የሚጠየቁት ለሰራተኞቻቸው አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ነው፤ ይህም ስለማይደረግ ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛው ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቅ ይሄዳል።

ቁጥሩ የማይገኝበት ሁለተኛው ምክንያት ከሱቁ ሳይሆን ከደንቡ የሚመጣ ሲሆን፣ ለዛሬው ክርክር ይበልጥ የሚጠቅመውም እሱ ነው። በዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና በዓለም ጤና ድርጅት የጋራ ጉባኤ፣ ማለትም በኮዴክስ አሊመንታሪየስ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የታሸጉ ምግቦች አጠቃላይ የመለያ ጽሑፍ ደረጃ፣ በፈሳሽ ውስጥ የታሸገ ምግብ የጠፈፈ ክብደቱ እንዲጻፍ ያዛል፤ ነገር ግን ፈሳሽ ብሎ የሚዘረዝራቸው ውኃ፣ ስኳርና ጨው የሟሟበት ውኃ፣ ለታሸጉ ፍራፍሬዎችና አትክልቶች ጭማቂ፣ እንዲሁም ኮምጣጤ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 ባወጣው የምግብ መረጃ ደንብ ተመሳሳይ ዝርዝር ይዟል። በሁለቱም ዘንድ ዘይት በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በመሆኑም በዘይት የታሸገ ቱና የጠፈፈ ክብደቱ ሳይጻፍበት ቢገኝ አምራቹ እነዚህን ደንቦች ጥሷል ማለት አይቻልም። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች በመደርደሪያው ላይ የመለኪያ ዋጋ ተጽፎ ስለሚያገኙ ማስላት የማያስፈልጋቸው ሊመስላቸው ይችላል፤ በ1998 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ ሁለቱም ክብደቶች እንዲጻፉ በሚገደድበት ዕቃ ላይ የመለኪያ ዋጋው በጠፈፈው ክብደት ብቻ እንዲሰላ ስለሚፈቅድ፣ የውኃው ቱና በዓሣው፣ አጠገቡ ያለው የዘይቱ ቱና ደግሞ በጠቅላላ ይዘቱ ተሰልተው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን የዘይቱ ከሆነው በላይ ረካሽ መስሎ ይታያል።

የጠፈፈው ክብደት ካልተጻፈ ያለው አማራጭ አንድ ጣሳ ገዝቶ ቤት መመዘን ነው። ባዶው ወንፊት አስቀድሞ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘናል፤ የጣሳው ይዘት በሙሉ ወንፊቱ ላይ ተገልብጦ ይዘረጋል፤ ወንፊቱ ጥቂት ዘንበል ብሎ ለ2 ደቂቃ ይንጠፈጠፋል፤ ይህ የጊዜ ልክ በቤተ ሙከራም የሚሠራበት ነው። ከዚያ ወንፊቱ ከነዓሣው ተመዝኖ የባዶው ወንፊት ክብደት ይቀነሳል። በክዳኑ ወይም በማንኪያ መጫን አይገባም፤ ሲጨመቅ የሚወጣው ውኃ የዓሣው አካል ተደርጎ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ጨምቆ የመዘነ ሰው ጣሳው ጎድሎበታል ብሎ ያለ ጥፋቱ አምራቹን ይከሳል። በአንድ ጣሳ ላይ የታየ የጥቂት ግራም ጉድለትም ማጭበርበር መኖሩን አያረጋግጥም፤ የዓሣው ቁራጭ ከጣሳ ጣሳ ስለሚለያይ ከአንድ ዙር የተወሰዱ በርካታ ጣሳዎች ተመዝነው አማካያቸው መታየት አለበት።

በፎቶው ላይ ያለው ትልቁ ጣሳ የዘይት ነው፤ ትንሹ የውኃ። ክርክሩን በጠፈፈው ክብደት ዘግተናል ያሉ ሰዎች ያለፉት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ዘይቱን ለሽንኩርት ማቁላያ የሚያውሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ 65 ግራሙ የሚደፋ ሳይሆን ዋጋ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ የዘይቱ ዋጋ ከጣሳው ዋጋ ላይ ተቀንሶ የቀረው ለዓሣው መካፈል አለበት። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሊትሩ 300 ብር ነው ቢባል አንድ ግራም ዘይት ወደ 33 ሳንቲም ይሆናል። ከጣሳው የሚወርደው ፈሳሽ ሁሉ ዘይት አይደለም፤ ሲበስል ከዓሣው የወጣ ውኃ ከሥር ስለሚቀላቀል፣ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ከላይ የሰፈፈው ብቻ መቆጠር አለበት። 50 ግራሙ ዘይት ነው ቢባል ዋጋው ወደ 16 ብር ይጠጋል፤ ከ222 ሲቀነስ 206 ብር ይቀራል፤ ይህም ለ120 ሲካፈል 100 ግራም ዓሣ 172 ብር ገደማ ይሆናል፤ ከትንሹ 179 ብር ያንሳል። እንዲያውም ትልቁ ከትንሹ እኩል እንዲሆን በጥቅም ላይ መዋል የሚገባው ዘይት 24 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠቀምበት ቤት ትልቁን፣ ከዚያ በታች የሚጠቀም ወይም የሚደፋ ቤት ትንሹን ቢገዛ ይጠቀማል። ይህ የሚሠራው ዘይቱ በእርግጥ ሌላ የሚገዛ ዘይት የሚተካ ከሆነ ነው፤ በትንሹ ጣሳ ያለው ጨዋማ ውኃ ግን የሚተካው የተገዛ ነገር ስለሌለ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ዋጋው ዜሮ ነው።