ከአቤቱታው በኋላ የመጣው ማስጠንቀቂያ

ልጄ ጎንደር ከተማ በአንድ የግል ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ስትሠራ አራት ዓመት ሆኗታል። እኔ የምኖረው ዛሪማ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በመዝገብ ቤት ስለሆነ፣ በቤተሰባችን የደብዳቤ ነገር ሲነሳ የሚደወለው ለእኔ ነው። ባለፈው ዓመት የካቲት 20 ቀን ማታ ደወለችና፣ «አባዬ፣ በአራት ዓመት አንድም ማስጠንቀቂያ ያልነበረብኝ ሰው በሳምንት ልዩነት ሁለት ተጻፈብኝ» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከበዓል ነው። ጥምቀት ሲደርስ የጎንደር ሆቴሎች በእንግዳ ይጨናነቃሉ። ልጄ ገናንም ጥምቀትንም ሥራ ላይ ነው ያሳለፈችው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ቀን ለሠራ ሠራተኛ፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለው ይላል። ለእሷ የደረሳት ግን የወትሮው ደመወዝ ብቻ ነበር። የካቲት 2 ቀን ለሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ አቤቱታ አስገባች፤ በእጇ በቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ማኅተምና ቀን አስመታች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። አራት ነገር ቆጠረችልኝ። የካቲት 6 ቀን ከእንግዳ መቀበያ ተነስታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተመደበች። የካቲት 12 እና 19 ቀን በማርፈድ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ለመጋቢት የጠየቀችው የዓመት ፈቃድ ተከለከለ። አራተኛው፣ ሥራ አስኪያጁ ሰላምታዋን መመለስ ተወ።

የተበደለ ሰው ሁሉንም በአንድ ጆንያ ይከታል። በቀልን ከተራ የሥራ ውሳኔ ለመለየት ግን ሦስት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። እርምጃውን የወሰደው ሰው አቤቱታውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ? እርምጃው ሥራዋን፣ ገቢዋን ወይም የግል ማኅደሯን ይጎዳል ወይ? በተመሳሳይ ሁኔታ ያሉ፣ አቤቱታ ያላቀረቡ ሠራተኞችስ እንደዚሁ ተደረገባቸው ወይ?

በዚህ ስንለካው ፈቃዱ ወደቀ፤ የመጋቢት ፈቃድ ለሠራተኛው በሙሉ ተከልክሏልና። ሰላምታውም ቅር ያሰኛል እንጂ የሥራ እርምጃ አይባልም፤ ተውነው። ዝውውሩና ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ቀሩ። ደካማውን ነገር ከጠንካራው ጋር የቀላቀለ ሰው፣ መልስ የሚሰጠው በደካማው ላይ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያዎቹ ትንሽ ይመስላሉ፤ ግን አዋጁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። ስለዚህ እያንዳንዷ ወረቀት ወደ መሰናበት የምታደርስ ደረጃ ናት።

ልጄ በእነዚያ ቀናት አሥር አሥር ደቂቃ ማርፈዷ እውነት ነው፤ አልካደችም። ግን ሁለት ባልደረቦቿ ከአዘዞ በአንድ ታክሲ አብረዋት መጥተው፣ በሰዓት መቆጣጠሪያው መዝገብ ላይ ተከታትለው ፈርመዋል። ለእነሱ ምንም አልተጻፈም። ጥፋቱ እውነት ሆኖም፣ ከሦስት እኩል ካረፈዱ ሰዎች የምትቀጣው አቤት ያለችው ብቻ ከሆነች፣ የቅጣቱ ምክንያት ማርፈዱ ነው ለማለት ይከብዳል።

ቀጥሎ መመዝገብ ነው። ገጹ ሊገነጠል የማይችል የተሰፋ ደብተር ገዛች። ነገሩ በሆነበት ቀን ማታ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን ምን እንዳለና ማን እንደነበረ ትጽፋለች። «አንቋሸሸኝ» ብላ ሳይሆን የተባለውን ቃል ራሱን ነው የምታሰፍረው፤ ፍርዱ የሚያነበው ሰው ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የተረኝነት ሰሌዳ በስልኳ ታነሳለች። የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ ግን ከቢሮ እንዳታወጣ ነገርኋት፤ ሰነድ ወሰደች ተብሎ ሌላ ክስ ይወለዳል። የገጹን ቀን ብቻ ይዛ «ይህ ገጽ ይታይልኝ» ማለት በቂ ነው። ማስጠንቀቂያ ላይ ፈርሚ ስትባልም ወረቀቱን ጥላ አልወጣችም፤ «ደርሶኛል፣ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብላ ቀኑን ጽፋ ፈረመች። የሁሉም ቅጂ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ እኔ ዘንድ ይቀመጣል።

ልጄ ይህን ሁሉ በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ ልትጨምረው ነበር ያሰበችው። እኔ ለብቻው እንዲሆን መከርኳት፤ ምክንያቱም ሁለቱ ጉዳዮች የሚጠይቁት ማስረጃ የተለያየ ነው። የበዓሉ ክፍያ የሚረጋገጠው በተረኝነት ሰሌዳና በደመወዝ ሰነድ ነው። በቀሉ የሚታየው ደግሞ በቀናት ቅደም ተከተልና ከሌሎች ጋር በማነጻጸር ነው። አንድ ላይ ከታሰሩ፣ ክፍያው ላይ መልስ ሲሰጥ ፋይሉ ይዘጋል፤ ክፍያው ውድቅ ሲሆንም በቀሉ አብሮ ይወድቃል። ሕጉ ግን አያይዟቸውም። የአዋጁ አንቀጽ 14 ሠራተኛ መብቱን ስለተጠቀመ አሠሪው እርምጃ እንዳይወስድበት ይከለክላል።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። «ጉዳዩ፦ አቤቱታ በማቅረቤ የተወሰደብኝን እርምጃ ይመለከታል» ይላል። የመጀመሪያውን አቤቱታ በቀኑ ብቻ ጠቀሰች፣ ክርክሩን አልደገመችም። ሦስቱን እርምጃዎች ከነቀናቸው ዘረዘረች፣ የሁለቱን ቀናት የሰዓት መዝገብ እንዲያዩላት ጠየቀች፣ ማስጠንቀቂያዎቹ እንዲነሱና ወደ ቦታዋ እንድትመለስ አመለከተች። የባልደረቦቿን ስም ሳታማክራቸው አልጻፈችም። ደብዳቤው የተላከው ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለባለቤቱ ነው፤ የተከሰሰው ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን የለበትምና። ጸሐፊዋ አልቀበልም ብትል በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ እንድትልከው ተነጋግረን ነበር፤ ደረሰኙ ማስረጃ ይሆናል።

ባለቤቱ በሦስተኛው ሳምንት መልስ ሰጡ። የጥምቀቱ ክፍያ ተፈቀደ። የገናው የተረኝነት ሰሌዳ ስላልተገኘ ያኛው ቀረ። ማስጠንቀቂያዎቹ በጽሑፍ ተሽረው የመሻሪያው ደብዳቤ ማኅደሯ ውስጥ ገባ። ዝውውሩ ግን ጸና፤ ማጠቢያ ክፍሉ ሰው ጎድሎት እንደነበር አስረዱ። እኛም የቀኑ ቅርበት ብቻ ካልሆነ በስተቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረንም፤ ቀን ደግሞ ጥርጣሬ ያስነሳል እንጂ ብቻውን አያስረዳም።

ልጅዎ ከአቤቱታ በኋላ ከሥራ እስከ መሰናበት ከደረሰ ግን ቀን መቁጠር ይጀምሩ። በአንቀጽ 26 መሠረት ቅሬታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም። ፍርድ ቤት የመሰናበቱ ምክንያት ይኸው መሆኑን ካረጋገጠ፣ አንቀጽ 43 አሠሪው ሠራተኛውን ወደ ሥራው እንዲመልሰው ያስገድዳል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ የሚቀርበው ግን በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ ልከው ሲያስታርቁ ጊዜው ስለማይቆም፣ እርቁም እየሄደ ክሱ በቀኑ ይግባ። ይህ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በራሱ ሕግ ስለሆነ ቀኑንም ከዚያው ያጣሩ።