ቀሪው ሰባት ቢወጣም ደብዳቤውን አታስገቢ

በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ ከተማ ዐውደ ነገሥት እያየሁ ስኖር ዓመታት ተቆጥረዋል። በቅርቡ አንዲት መምህርት ሥራዋን ልትለቅ አስባ መጥታ አስቆጠረችኝ። መልሱን በቃል ብነግራት የምትፈልገውን ብቻ ይዛ እንዳትሄድ ብዬ ጻፍኩላት። እርሷም ስሟን አንሥቼ እንዳወጣው ፈቀደችልኝ።

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የጠየቅሽኝ ይህ ነበር፦ የማስተማሩን ሥራ ትተሽ፣ ወደ ወንጪ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ቁርስ ቤት ለመክፈት ኮከብሽ ይፈቅድ እንደሆነ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ስምሽና የእናትሽ ስም በፊደል ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሮቹ ይደመሩና በ12 ይገደፋሉ፤ የሚተርፈው ኮከብሽ ነው። ከሐመል እስከ ሑት 12ቱን በተራ እንቆጥራለን፤ ምንም ካልተረፈ ሑት ይሆናል።

የአንቺ ድምር 187 መጣ። አሥራ አምስት ጊዜ 12 ስትቀንሺለት 180 ይሄዳል፤ 7 ይተርፋል። ሰባተኛው ሚዛን ነው፤ ባሕርዩም ነፋስ። እንደ እኔ አነባበብ ነፋስ መንቀሳቀስን፣ ሚዛንም መስፈርንና መሸጥን ያሳያል። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ብሎሽ እንደምትሄጂ አውቃለሁ።

ነገር ግን የእናትሽን ስም ስትነግሪኝ በሐመሩ ሐ ጻፍኩት። ኋላ የቀበሌ መታወቂያቸውን ስታሳዪኝ በሃሌታው ሀ ተጽፏል። ድምፁ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን አንድ አይደለም። በእርሱ ብቆጥረው 184 ሆነና 4 ተረፈ። አራተኛው ሸርጣን ነው፤ ባሕርዩ ውኃ። ሸርጣንን እኔ የማነበው ቤቱን የማይለቅ፣ ያለውን የሚይዝ ብዬ ነው። እናትሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ሊነግሩን አይችሉም። የመታወቂያውን ፊደል የመረጠው ጸሐፊው ነው። በክርስትና ስምሽ ብንቆጥር ደግሞ ሌላ ድምር ይመጣል። ስለዚህ ልጄ፣ የጸሐፊ እጅ በሚቀይረው ቁጥር እንጀራሽን አትቁረጪ።

ይህን የምልሽ በደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት በስልክ ስሙን ነግሮኝ ቀውስ ወጣለት፤ «መንገድ ነው» አልኩት። ሥራውን ለቅቆ አዲስ አበባ ሄደ፤ ስምንት ወር ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የክርስትና ወረቀቱን ሳየው የጻፍኩት ሠ ሰ ሆኖ አገኘሁት። አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሥራህን ልቀቅ አላልኩም።

ምክሬን ከፈለግሽ ይኸው። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏልና ሐሳብሽ ከንቱ አይደለም። ግን እንግዳው በብዛት የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ለሦስት ወር በእነዚህ ሁለት ቀናት ብቻ ከእህትሽ ጋር በሰው ግቢ ሽጪ። የዱቄቱን፣ የዘይቱን፣ የከሰሉንና የእህትሽን ድካም ሳይቀር በደብተር ያዢ። ሰኞ ላይ የቀረሽን ብር እንጂ የሸጥሽውን አትቁጠሪ። ቀጥሎ ክረምቱን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሙሉ ሳምንት ሞክሪው። ዝናብ መንገደኛ ያሳንሳል፤ በክረምት ኪራዩን ካልቻለ በበጋ ያተረፍሽው ይሞላለት እንደሆነ ያን ጊዜ ታያለሽ።

እስከዚያ የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ የሚጠይቅ ቤት አትፈርሚ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከማስገባትሽም በፊት መሥሪያ ቤትሽ ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት ትችዪ እንደሆነና፣ በዘጠኝ ዓመትሽ ብትለቂ ጡረታሽ ምን እንደሚሆን። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ሲቆረጥ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ ይከፍልልሽ ነበር፤ እርሱን ሳታውቂ መነሣት መልካም አይደለም። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

ደብተርሽ ከሁለት ወቅት በኋላ ካተረፈ ሂጂ፤ ያን ጊዜ ሚዛንም ሸርጣንም አያስፈልግሽም። ካላተረፈ የጎደለብሽ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ሰኞ ጠመኔሽን ታነሺያለሽ።

ሁለተኛ አስቆጥሪ ብትባዪ አትክፈዪ፤ ለእኔም ቢሆን። ደብተርሽን ይዘሽ ስትመጪ ግን ቡና አፍልቼ እጠብቅሻለሁ።