ሦስቱን በአንድ ሪሞት

ሞያሌ ላይ ቴሌቪዥን የሚገዙኝ ሰዎች በዋጋ ከተስማማን በኋላ የሚጠይቁት ነገር አለ፦ «ሪሲቨሩንና ሳውንድባሩንስ በዚሁ ሪሞት ማዘዝ ይቻላል?» ይቻላል፤ ግን የሚመረጠው የሪሲቨሩ ሪሞት ነው። ጣቢያ የሚቀየረው በእሱ ነው፤ ብዙ ሪሲቨር ደግሞ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አይሰማም።

እናቴ ቤት የሠራሁትን ልንገራችሁ። ለዕቃ ናይሮቢ ስሄድ ብቻዋን ነው የምትቀረው፤ ዓይኗም ደክሟል። ከሦስቱ ሪሞት ያልሆነውን ከነካች ስክሪኑ ላይ No Signal ይመጣና እኔ እስክመለስ የጠዋት ጸሎቷም ዜናዋም ይቀርባታል።

መጀመሪያ ሳውንድባሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አስተዋወቅሁ። የኤችዲኤምአይ ገመዱ የሚሰካው ARC ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ላይ ከተሰካ ድምፅ አይመጣም። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ሳምሰንግ ከሆነ Anynet+፣ ኤልጂ ከሆነ SIMPLINK የሚለውን አብርቶ የድምፅ መውጫውን ወደ ሳውንድባሩ ማድረግ ነው። በቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፅ ስትጨምሩ ሳውንድባሩ ከጮኸ ተግባብተዋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ለሳውንድባሩ የተለየ ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ቴሌቪዥኑ ያስተላልፍለታል።

ቀጥሎ የሪሲቨሩን ሪሞት ማስተማር ነው። የእናቴ ሪሞት ላይ ለቴሌቪዥን ተብለው በመስመር የተከበቡ አራት ቁልፎችና SET የሚል አለ። SET መብራቱ እስኪበራ ተጭኖ ይያዛል፤ የሚማረው ቁልፍ አንዴ ይነካል፤ ከዚያ ሁለቱን ሪሞቶች ግንባር ለግንባር አቀራርቦ የቴሌቪዥኑን ቁልፍ መጫን ነው። መብራቱ ብልጭ ካለ ተምሯል። ሲያልቅ SET እንደገና ይነካል። እኔ ያስተማርኩት ማብሪያውን፣ ድምፅ መጨመሪያውንና መቀነሻውን ብቻ ነው። መስመር መቀየሪያውን ሆን ብዬ ተውኩት፤ No Signal የሚያመጣባት እሱ ነበርና። የሪሲቨሩን የራሱን ድምፅ ከፍ አድርጌ ተውኩት።

አልማር ካለ የስልካችሁን የፊት ካሜራ ከፍታችሁ ወደ ሪሞቱ ጫፍ እያያችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ብርሃን ካልታየ ያ ቁልፍ በብሉቱዝ ነው የሚልከው፤ ከእሱ መማር አይቻልም። ለዚያው ቴሌቪዥን የሚሠራ ተራ ሪሞት ፈልጋችሁ ከእሱ አስተምሩ። ሳውንድባሩ ኤችዲኤምአይ ከሌለው ደግሞ የድምፅ ቁልፎቹን ከራሱ ከሳውንድባሩ ሪሞት አስተምሩ፤ ማብሪያውን ግን ለብቻ መንካት ይኖርባችኋል።

እናቴ አሁን ሁለት ቀይ ቁልፍ ነው የምታውቀው፦ አንዱ ለሪሲቨሩ፣ አንዱ ለቴሌቪዥኑ። የቀሩትን ሪሞቶች አልጣልኳቸውም። ያ አንዱ ቢሰበር አዲሱ የሚማረው ከእነሱ ነው።